የግል ድርጅት የሥራ ልምድ በምዝገባ ላይ እንዲያዝልኝ ያደረግሁት

ጎንደር ውስጥ የ2 ዓመት ልምድ ለሚጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛ የመንግሥት መደብ ለመመዝገብ ስቀርብ፣ ከግል ድርጅት ያመጣሁት የልምድ ደብዳቤ የሥራ መደቤንና የቅጥር ዘመኔን ቢገልጽም፣ የሥራ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ስላልተያያዘበት ልምዴ እንደማይያዝ ተነገረኝ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው ግርጌ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚጻፍ፣ ለጽሑፍ ፈተና መድረስ የሚገባቸው አመልካቾች በማጣሪያው ላይ መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

የድርጅቱ ሒሳብ ሹም በየወሩ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚቀርበውን የሠራተኞች የደመወዝ ግብር ማሳወቂያ፣ ስሜ ካለበት ገጽና ከክፍያ ደረሰኙ ጋር ቅጂ አወጣልኝ። ድርጅቱም የልምድ ደብዳቤውን ደመወዜንና ግብሩ ተቀንሶ ገቢ መደረጉን ጨምሮ እንደገና ጻፈልኝ፤ ገቢዎችም የድርጅቱን የትብብር ደብዳቤ ተቀብሎ ክፍያውን በማኅተም አረጋገጠልኝ። ደብዳቤው ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ሠርታለች ካለ የግብር ዝርዝሩም ከዚያው ወር መጀመር አለበት፤ መዝጋቢው ሁለቱን አስተያይቶ ግብር ያልተከፈለበትን ወር ሊቀንስ ይችላል፣ በልክ 2 ዓመት ላለው ሰው ደግሞ የአንድ ወር ጉድለት ከውድድር ያስወጣል። ምዝገባው ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት የሚቆይ በመሆኑ፣ ሙሉውን ማስረጃ ከነዋናው ይዤ ሳይዘጋ ተመዘገብሁ፤ ስሜም ለጽሑፍ ፈተና ከተመረጡት ጋር ተለጠፈ።