በ XY የፌዝ ልዩነት ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን የላብ ሪፖርት አያለሁ። በኦሲሎስኮፕ XY ሞድ ፌዝ የተለካበት ገጽ ላይ ቀመሩ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የሚበላሸው ከስክሪኑ ላይ የተነበበው ቁጥር ነው።

አንድ ሰርኪዩት እንያዝ። 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ተያይዘዋል። ጄኔሬተሩ 1 ኪሎ ኸርዝ ሳይን ሞገድ ይሰጣል። የጄኔሬተሩ ሲግናል X ላይ፣ የካፓሲተሩ ቮልቴጅ Y ላይ ይገባል። በስሌት ልዩነቱ 32 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱ ሲግናሎች ስክሪኑ ላይ ሞላላ ይስላሉ፤ የቻናሎቹን ቁልፍ አዙረን ሞላላውን 6 ካሬ ስፋትና 6 ካሬ ቁመት እናድርገው።

ከመሃል ወደ አንድ ጎን ብቻ መለካት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከስክሪኑ መሃል ተነስቶ ሞላላው ቋሚውን መስመር ከላይ እስከሚቆርጥበት ድረስ ይለካና ለግማሽ ቁመቱ፣ ለ3 ያካፍላል። ሞላላው ልክ መሃል ላይ ካለ 1.6 ካሬ ያነባል፤ መልሱም 32 ዲግሪ ይሆናል። ግማሽ ካሬ ወደ ግራ ከተንሸራተተ ግን ንባቡ 2 ካሬ ይደርሳል፣ መልሱም 42 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ወደ ቀኝ ከሆነ ደግሞ ወደ 22 ይወርዳል። ለግማሽ ካሬ ይህ ሁሉ!

መፍትሔው ቀላል ነው። ከታችኛው መቁረጫ እስከ ላይኛው ያለውን ሙሉ ርቀት ለኩና ለሙሉ ቁመቱ አካፍሉ፦

```
φ = arcsin(3.2 / 6) = 32°
```

እንዲህ ሲለካ ያው የግማሽ ካሬ መንሸራተት መልሱን የሚያዛባው ከ1 ዲግሪ ባነሰ ነው። ቢሆንም ሁለቱንም ቻናል GND ላይ አድርጋችሁ ነጥቧን መሃል ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ጀምሩ። አናሎግ ኦሲሎስኮፕ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሱ፣ የቆመች ነጥብ ስክሪኑን ታቃጥላለች።

የሞላላውን ዘንበል አለማየት። CH2 ላይ Invert ተጭኖ ከቀረ ያው 3.2 እና ያው 6 ይነበባል፤ ሞላላው ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። ካልኩሌተሩ አሁንም 32 ነው የሚለው። ወደ ግራ ካዘነበለ ከ180 ቀንሱለት፤ የስክሪኑ መልስ 148 ዲግሪ ነው።

የትኛው እንደሚቀድም ከሞላላው ለማወቅ መሞከር። የቀደመውም የዘገየውም 32 ዲግሪ የሚስለው ቅርጽ አንድ ነው። ሲግናሎቹ ከጊዜ ጋር ወደሚታዩበት YT ተመለሱና ጫፉ ዘግይቶ የሚመጣውን እዩ። በእኛ ሰርኪዩት የሚዘገየው የካፓሲተሩ ነው።

90 አካባቢ ንባቡን ማመን። የ80 ዲግሪ ሳይን 0.985 ነው። በ6 ካሬ ቁመት ላይ ከ90 ዲግሪ የሚለየው በ0.1 ካሬ ያህል ብቻ ነው፤ የመስመሩ ውፍረት ራሱ ይሸፍነዋል። ሞላላው በጣም ከተነፋ XY ይቅርባችሁ። YT ላይ የጊዜ ልዩነቱን ለክታችሁ ለፔሬዱ አካፍሉና በ360 አባዙ።