ቻትቦቱ ትዕግስተኛ አስጠኚ ሆኖ እንዲቆይ

ልጃችሁን ሒሳብ እንዲያስጠናላችሁ ቻትቦቱን «ትዕግስተኛ አስጠኚ ሁን» ብቻ ካላችሁት ብዙም አይቆይም። ትዕግስቱን በተግባር ዘርዝሩለት፦ «በአንዴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቅ። ተማሪው ሁለቴ ሳይሞክር መልሱን አትንገር። ሲሳሳት የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ ጠቁም።»

ለምሳሌ 3x + 5 = 20 ላይ ልጁ «አልገባኝም» ሲል፣ መጀመሪያ አካባቢ «5ቱን ከግራ በኩል ለማጥፋት ምን እናድርግ?» ይለዋል። ውይይቱ ሲረዝም ግን «x = 5 ነው» ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። መመሪያው ወደ ኋላ ርቋላ! ቻትቦቱን በቅርብ የተጻፈው ይበልጥ ይስበዋል። በጣም ከረዘመ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ጭራሽ ላይታየው ይችላል።

ስለዚህ ለቋሚ መመሪያ የተዘጋጀ ቦታ ካለ እዚያ አስገቡት። ከሌለ በየአስር ጥያቄው መልሳችሁ ለጥፉት። አንዴ መልሱን ከዘረገፈ መቆጣቱ ብዙም አይረዳም፤ ያ መልስ ውይይቱ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደ ምሳሌ እያየ ይደግመዋል። ከዚያ መልስ በፊት የተላከለትን መልእክት አስተካክላችሁ እንደ አዲስ አስመልሱት።

ልጁ «በቃ መልሱን ንገረኝ» ብሎ ሲለምነው ምን እንደሚል ግን ቀድማችሁ ጻፉለት። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚያ ጋ ነው።