ድንቹ ውጩ ፈርሶ መሃሉ ጥሬ ሲሆን

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት የቀየርን ሰሞን ድንች እምቢ አለኝ። ድስቱ ያው ነው፣ ከሰሉ ያው ነው። ኮምቦልቻ ግማሽ ሰዓት የሚበቃው ድንች የሐረጎን ዳገት ከወጣን በኋላ መሃሉ ጥሬ ሆኖ ይወጣል። እሳት ስጨምርበት ደግሞ ውጩ ይፈርሳል፣ መሃሉ ግን አሁንም ጥሬ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። እናንተም ተመሳሳይ ነገር ካጋጠማችሁ እንዲህ አድርጉ።

ልጣጩ ተሰነጣጥቆ ውጩ ፈረሰ፣ መሃሉ ጥሬ ነው

ብዙ ጊዜ ድንቹ የፈላ ውሃ ውስጥ ስለተጨመረ ነው። ሙቀቱ ወደ መሃል የሚዘልቀው በዝግታ ነው። ውሃው ገና ከመጀመሪያው ከፈላ መሃሉ ሳይሞቅ ውጩ በስሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ውጩን ያፈርሰዋል።

ድንቹን ከነልጣጩ እጠቡና ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ቀዝቃዛ ውሃ ከላዩ ሁለት ጣት ያህል እስኪያልፍ ጨምሩበት፣ ትንሽ ጨውም አድርጉ። ከዚያ ጣዱት። ውሃው ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በኃይል ሲፈላ ድንቹ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ልጣጩም ይቀደዳል። የውሃው ሙቀት ግን አይጨምርም።

ሰዓቱ ሞላ፣ ድንቹ ግን አልበሰለም

ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ድንች ላይ ግን ይታወቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ 100 ዲግሪ በሚፈላ ውሃ ተሞክሮ የተጻፈ የምግብ አሠራር ደሴ ላይ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

እኔ ደሴ ላይ የምቆጥረው ውሃው መፍላት ከጀመረበት ደቂቃ ነው። እንቁላል የሚያህለው ድንች 25 ደቂቃ ይበቃዋል። መካከለኛው፣ ጭብጥ የማይሞላው፣ ከ35 እስከ 40 ይፈልጋል። ጭብጥ የሚሞላው ትልቁ አንድ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ያህል ቀንሱ። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን አትርሱ።

ባለፈው ረቡዕ ለጾም ሰላጣ ሁለት ኪሎ ገዛሁ፤ ትልቁም ትንሹም ተቀላቅሎ ነበር። ሁሉንም በአንድ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ጣድኩት። ከፈላ 25 ደቂቃ ሲሞላው ትንንሾቹን በጭልፋ አወጣሁ። 40ኛው ላይ መካከለኞቹ ወጡ፣ ሦስቱ ትልልቆች ግን 55 ደቂቃ ቆዩ። አንድም የፈረሰ አልነበረም።

ቢላ ገባ ብዬ አወጣሁት፣ ስቆርጠው ግን ጥሬ ነው

ቢላው መሃል አልደረሰም ማለት ነው። ስለታም ጫፍ ደግሞ ጥሬውንም ይወጋል፣ ስለዚህ መግባቱ ብቻ አያሳምንም። ቀጭን ቢላ ያዙና የትልቁን ድንች ወፍራም ቦታ እስከ መሃሉ ውጉ። ከዚያ ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። ድንቹ ተንሸራቶ ከወደቀ በስሏል። ተንጠልጥሎ ከቀረ አምስት ደቂቃ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። በየደቂቃው እየወጋችሁ አትፈትሹ፤ በቀዳዳው ውሃ ይገባል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቀቀልኩት፣ መሃሉ እንደ ድንጋይ ቀረ

ይሄ በጣም ያናድዳል። ድንች 60 ዲግሪ አካባቢ ብዙ ከቆየ የሴሎቹን ግድግዳ የሚያያይዘው ነገር ይጠነክራል፣ ኋላ ቢፈላም በቀላሉ አይለሰልስም። ስለዚህ መብራቱ መሃል ላይ ከሄደ ድንቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አትተዉት። ከሰል ካለ ወዲያው አቀጣጥሉና ድስቱን አዛውሩ። ከሌለ አውጥታችሁ ቆራርጡት፣ መብራቱ ሲመለስ ወጥ ውስጥ ይግባ። እንደዚያም ሆኖ ከቲማቲሙ በፊት ጨምሩት፤ ኮምጣጣ ነገር ድንች እንዳይለሰልስ ያደርጋል።

ስኳር ድንቹ ውሃ ውሃ አለ

ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ስለተቀቀለ ነው፤ ውሃው በዚያ ይገባል፣ ስኳሩም በዚያ ይወጣል። ሳይቆረጥ ከነልጣጩ በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ከውስጡ ስታርች ከፊሉ ወደ ስኳር ስለሚቀየር የበለጠ ይጣፍጣል። ሰዓቱን በርዝመቱ ሳይሆን በውፍረቱ ቁጠሩ። ደሴ ላይ የእጅ አንጓ የሚያህለው 35 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቢላው ከላይ እስከ መሃሉ ሳይታገል ከገባ ወዲያው አውጡትና ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ወንፊት ላይ አሳርፉት።