ልጁ ተሻለው ብላችሁ በማግስቱ አትላኩት

ሆዱን ታሞ የነበረ ልጅ ማስታወኩ ስለቆመ ብቻ በማግስቱ ትምህርት ቤት አይሂድ። ለመጨረሻ ጊዜ ካስታወከበት ወይም ካስቀመጠው ሰዓት ጀምራችሁ 48 ሰዓት ቁጠሩ።

ኮዬ ፈጬ ያለ አንድ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀመጠው ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው እንበል። 48 ሰዓቱ የሚሞላው ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ይሄዳል። ማክሰኞ ሌሊት እንደገና ካስቀመጠው ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ለአዋቂም ያው ነው፤ ምግብ የሚያበስል ሰውማ ጭራሽ መቸኮል የለበትም።

ከ48 ሰዓት በኋላም ሆዱን ያሳመመው ቫይረስ ከሰገራ ጋር ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይወጣል። ስለዚህ ከሽንት ቤት መልስ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሳኒታይዘር ብዙዎቹን የሆድ ቫይረሶች በደንብ አይገድልም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን እያንቆረቆረ የሚያስታጥብ ሰው ይኑር እንጂ፣ ሁሉም እጁን አንድ ሳፋ ውስጥ አይንከር።

መመለሻው ቀን ላይ ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይብላ፤ አጥሚት ወይም ዳቦ ይበቃል። ቅባትና በርበሬ ይቆይለት። የሚጠጣውን ውኃ በኮዳ ያዙለት፣ መምህሯም ሽንት ቤት ሲጠይቅ እንዳትከለክለው ንገሯት። ስፖርት ለዚያ ሳምንት ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

ሰገራው ላይ ደም ካለ ወይም ትኩሳቱ ካልወረደ ይህ ቆጠራ አይሠራም፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩት።