«አራት እንግዶች ይመጣል»፦ ከቁጥር በኋላ ስምና ግስ ሲጣሉ

እንዲህ የሚል አጭር መልእክት ደረሰን እንበል፦

«ነገ አራት እንግዶች ይመጣል። ስድስት ወንበር ያስፈልጋል። አራት እንግዶቹን በር ላይ ተቀበላቸው። አዳዲስ ቃላቶቹንም አሳያቸው። ሁለት ሰዓት እጠብቅሃለሁ።»

ሐሳቡ ይገባል፤ ግን አራት ቦታ ላይ ይጎረብጣል።

ምልክት፦ ስሙ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ

«አራት እንግዶች ይመጣል» ጆሮ ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ሁለት ትክክለኛ መንገዶች መደባለቃቸው ነው። በአማርኛ ቁጥሩ ራሱ ብዛትን ስለሚናገር ስሙ የግድ «-ኦች» አያስፈልገውም። ስለዚህ «አራት እንግዳ ይመጣል» ማለት ይቻላል። «አራት እንግዶች ይመጣሉ» ማለትም ይቻላል። ስሙን ካበዛን ግን ግሱም አብሮ መብዛት አለበት።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እንደ ጉዳዩ ነው። ዋናው ነገር ስንት መሆናቸው ከሆነ ነጠላው ቀለል ይላል፦ «አራት ሰው ይመጣል፣ ቦታ ያዝ።» ስለ ሰዎቹ ማንነት ወይም ስለሚያደርጉት ነገር የምናወራ ከሆነ ብዙው ይስማማል፦ «አራት ሰዎች ይመጣሉ፣ ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው።»

በንግግር «አራት ሰው መጡ» የሚልም አለ፤ ብዙም አይረብሽም። ግዑዝ ነገር ላይ ደግሞ «ስድስት ወንበሮች ያስፈልጋል» ሲባል ይሰማል። ስንጽፍ ግን «ስድስት ወንበር ያስፈልጋል» ወይም «ስድስት ወንበሮች ያስፈልጋሉ» ብንል ይሻላል። መልእክቱ ውስጥ ያለው ወንበር ደህና ነው፤ አትንኩት።

መፍትሄው አጭር ነው። ከቁጥሩ ተነስታችሁ እስከ ግሱ ድረስ አንብቡ። ስሙ የግሱ ባለቤት ከሆነና «-ኦች» ካለበት ግሱን አብዙ፣ ወይም «-ኦች»ን አንሱ። ይህ ግን የሚሠራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «አራት ሰው ይመጣል። ቁልፉን ስጣቸው» ምንም ስህተት የለበትም፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚከተለው ትርጉሙን ነው።

ምልክት፦ «አራት እንግዶቹን»

የታወቁ እንግዶች ናቸው፤ ቀደም ብለን አንስተናቸዋል። እዚህ የተሳሳተው መታወቃቸውን የሚያሳየው ምልክት የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስም ለብቻው ሲሆን «እንግዶቹን» እንላለን። ከፊቱ ቁጥር ሲመጣ ግን የእርግጠኛነት ምልክቱንም «ን»ንም የሚሸከመው ቁጥሩ ነው፦ «አራቱን እንግዶች።» ባለቤት ሲሆኑ ደግሞ «አራቱ እንግዶች መጡ» ይሆናል። አንድም ሳይቀር ለማለት «አራቱም» ይበቃል።

«የእኔ» የሚል ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። «ሦስቱ ልጆቼ ይመጣሉ» ያለ ሰው ያሉት ልጆች ሦስት እንደሆኑ ያሳውቃል። «ሦስት ልጆቼ ይመጣሉ» ሲል ግን ሌላም ልጅ ሊኖር ይችላል።

ምልክት፦ «ቃላቶቹን»

ይህ ድርብ ብዜት ነው። «ቃላት» ከግዕዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ በላዩ «-ኦች» ሲጨመር ሁለቴ በዛ። «መጻሕፍቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። አንዱን መምረጥ ነው፦ «ቃላት» ወይም «ቃሎች»፣ «መጻሕፍት» ወይም «መጽሐፎች»። ቁጥር ካለ ደግሞ «ሁለት መጽሐፍ» ብቻ ማለትም ይቻላል።

መጨረሻው «ት» ስለሆነ ብቻ ግን አትጠርጥሩ። «መብራቶች» ትክክል ነው። መለያው «አንድ»ን ከፊቱ ማስቀመጥ ነው። «አንድ መብራት» ይባላል፤ ስለዚህ ነጠላ ነው፣ «-ኦች» ይቀበላል። «አንድ ቃላት» አይባልም፤ ስለዚህ ቀድሞውኑ በዝቷል።

ምልክት፦ «ሁለት ሰዓት እጠብቅሃለሁ»

ተቀባዩ በስንት ሰዓት ይምጣ? ወይስ ላኪው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊጠብቅ ነው? መለኪያ ስሞች ከቁጥር በኋላ ብዙውን ጊዜ ነጠላ ናቸው፦ አምስት ኪሎ፣ ሦስት ቀን፣ አሥር ሜትር። ሰዓት ላይ ግን ነጠላው ሁለት ትርጉም ይይዛል። ቀጠሮ ከሆነ «ሁለት ሰዓት ላይ» በሉ። የቆይታ ርዝመት ከሆነ «ለሁለት ሰዓት» ወይም «ሁለት ሰዓታት» ይለየዋል።

የታረመው መልእክት ይኸው፦

«ነገ አራት እንግዶች ይመጣሉ። ስድስት ወንበር ያስፈልጋል። አራቱን እንግዶች በር ላይ ተቀበላቸው። አዳዲሶቹን ቃላትም አሳያቸው። ሁለት ሰዓት ላይ እጠብቅሃለሁ።»

«አዳዲሶቹን ቃላት» ላይም ያው ሕግ ሠርቷል፤ ቅጽል ከፊት ሲመጣ ምልክቱን ከስሙ ይረከባል።

አንድ ነገር ሳትቸኩሉ እለፉ። «አንድ እንግዳ ይመጣሉ» የሚል መልእክት ብታዩ አታርሙት። እዚያ ያለው «ይመጣሉ» ብዛት ሳይሆን አክብሮት ነው።