የተኳረፉ አጎቶችን በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ

ድሬዳዋ ላይ ለእህቴ ሰርግ መቀመጫ ስደለድል ያስቸገሩኝ ሁለት አጎቶቻችን ናቸው። በውርስ ቤት ከተኳረፉ ቆይተዋል። ጠረጴዛዎቹ ክብ ናቸው፤ አሥር አሥር ሰው ይይዛሉ።

መጀመሪያ በአዳራሹ ግራና ቀኝ ዳር አራራቅኳቸው። ወረቀት ላይ ያምራል። ባዶው አዳራሽ ገብቼ ወንበራቸው ላይ ስቀመጥ ግን ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ ለሙሽሮቹ ቀረብ ስለሚልም ሌላው “እኔን ገፋችሁኝ” ማለቱ አይቀርም። እናቴ አንድ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣቸውና ይታረቁ አለች። እሱ የሽማግሌ ሥራ ስለሆነ ተውነው።

የሠራው ይሄ ነው። ሁለቱንም ከሙሽሮቹ እኩል በሚርቅ አንድ ረድፍ ላይ አደረግኳቸው፤ መሃላቸው ሁለት ጠረጴዛ አለ። ለሁለቱም ፊቱ ወደ መድረኩ የሆነ ወንበር መረጥኩ፤ አንገት ካላዞሩ አይተያዩም። ከእያንዳንዳቸው ጎን ጠቡ ውስጥ የሌለበት፣ የሚያከብሩት ሰው ተቀመጠ። ቡፌውንም ከሁለት ጫፍ እንዲነሳ አስደረግኩ፤ ሳህን ይዞ ሰልፍ ላይ መገጣጠም ከመቀመጫው ይብሳል።

አያቶችን ከስፒከሩ አርቄ መውጫው ጋ፣ ቬንትሌተር ሥር አደረግኳቸው። በድሬ ሙቀት ይሄ አያከራክርም። ስፒከሩ ሥር ወጣቶቹ ተቀመጡ።