ሰላጣው ውስጥ የተደበቀውን ዘይት በማንኪያ እንዴት እንቆጥራለን?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር ምሳ ልንበላ ገባን። እሱ ጥብስ አዘዘ፣ እኔ ስፔሻል ሰላጣ። «ቅጠል መብላት ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። በልተን ስንጨርስ የኔን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየው። ታች የተጠራቀመው ዘይት ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል። «ይሄ እኮ አንድ ድስት ሽንኩርት ያቁላላል» አለኝ።

ነገሩ ስለከነከነኝ ያንኑ ሰላጣ ቤት ውስጥ እየለካሁ ሠራሁት። የሚያስፈልገው አንድ የሾርባ ማንኪያና ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነው። ሚዛን ከሌላችሁም ማንኪያው ይበቃል፤ ዋናው ጉድ ያለው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን ለብቻው ቁጠሩት

ሁለት እፍኝ ሰላጣ ቅጠል፣ አንድ ትልቅ ቲማቲም፣ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ከቃሪያ ጋር፣ ግማሽ የተፈቀፈቀ ካሮት። ይህ ሁሉ ተደምሮ 70 ካሎሪ ገደማ ነው። ሳህኑን የሚሞላው፣ ዓይን የሚያየው ይሄ ነው። ሆድም ቀለል ያለ ነገር እንደበላ የሚያስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ላዩ ላይ የተጨመረውን

ግማሽ አቮካዶ 160 ገደማ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል 75፣ ከትንሽ ቆርቆሮ ግማሹ ቱና 120፣ አንድ መካከለኛ ቅቅል ድንች 90። እነዚህ ምግብ ናቸው፤ ያጠግባሉ፣ ፕሮቲንም አላቸው። ስለዚህ እነሱን እንደ ጠላት አትዩ። ቱናው ላይ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። በዘይት የታሸገ ከሆነ ዘይቱ ተንጠፍፎ ነው ወይስ ከነዘይቱ ነው የተገለበጠው? ከነዘይቱ ከሆነ ከላይ ያለው ቁጥር አይሠራም።

የጾም ሰላጣ ቀለል ይላል ብላችሁም አትዘናጉ። እንቁላሉ፣ ቱናውና ማዮኔዙ ሲቀሩ ወጥ ቤቱ ቦታውን በአንድ ሙሉ አቮካዶና በተቆላ ለውዝ ይሞላዋል። አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ 170 ካሎሪ ይሆናል።

አሁን ወደ ማንኪያው

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የኑግ ይሁን፣ የሱፍ ይሁን፣ የወይራ ይሁን ለውጥ የለውም። «የኛ እኮ የወይራ ነው» የሚል አስተናጋጅ አጋጥሞኛል። የወይራ ዘይት የራሱ ጥቅም አለው፤ ካሎሪው ላይ ግን ቅናሽ አያደርግም። ማዮኔዝም ቢሆን አብዛኛው ክፍሉ ዘይት ነው፤ አንድ ማንኪያው 95 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ሎሚና አቼቶ ግን ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም።

የሰላጣ ሶስ በተለመደው አሠራር ለ1 ማንኪያ ሎሚ ወይም አቼቶ 3 ማንኪያ ዘይት ይገባበታል። አንዳንድ ወጥ ቤት ጠዋት አዘጋጅቶ በጆግ ያስቀምጠዋል። ሲቆይ ዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሎሚው ታች ይቀራል። ሳይበጠብጡ ከላይ የሚጨልፉ ከሆነ የሚደርሳችሁ ንጹህ ዘይት ነው ማለት ይቻላል። ሰላጣው ከአናቱ ቅባት ብቻ ሆኖ ኮምጠጥ ካላላችሁ ይሄው ነው የሆነው።

ሌላው ምክንያት ውሃ ነው። ቅጠሉ ታጥቦ ሳይንጠፈፍ ከቀረበ ሶሱ አይዘውም፤ ተንሸራትቶ ታች ይወርዳል። አብሳዩ ሲቀምሰው ጣዕም ያጣበታል፣ ሌላ ማንኪያ ይጨምራል። (መታጠቡማ ግድ ነው፣ ታይፎይድ ይምጣብን አላልኩም። የጎደለው ማንጠፈፉ ነው።)

የኔ ሳህን ላይ 3 ማንኪያ ዘይትና 2 ማንኪያ ማዮኔዝ ስጨምር ከምግብ ቤቱ ሰላጣ ጋር በመልክም በጣዕምም ተመሳሰለ። ዘይቱ 360፣ ማዮኔዙ 190። ከጎኑ የሚመጣው ዳቦ 160 ገደማ ነው። ሁሉም ሲደመር 1225 ካሎሪ ሆነ። ከዚህ ውስጥ 550ው የዘይትና የማዮኔዝ ነው፤ ቅጠሉ 70 ብቻ እንደነበር አትርሱ። በርግጥ ቁጥሩ ግምት ነው። ማንኪያ ከማንኪያ ይለያል፤ ማዮኔዝ ደግሞ ተከምሮ ከተጨለፈ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል።

ስታዙ እንዴት ትላላችሁ?

«ዘይት አታብዙበት» ማለት አይሠራም። ሞክሬዋለሁ። ለእናንተ ብዙ የሆነው ለአብሳዩ ትንሽ ነው። የሚሠራው ሶሱን መለየት ነው። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «እህቴ፣ ማዮኔዙ ይቅር፣ ሶሱን ለብቻው በትንሽ ሳህን አምጪልኝ፣ ሎሚም ቆርጠሽ ጨምሪልኝ።» ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ይደርቅብዎታል እኮ!» ነው። አይደርቅም።

ሶሱ ሲመጣ በሹካ በደንብ በጥብጡት። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ አፍስሱ፣ ሎሚውን ጭመቁበት፣ ጨው ነስንሱ። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው፦ ሰላጣውን ከታች ወደ ላይ እያገላበጣችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አማስሉት። አንዱ ማንኪያ ዘይት ሁሉንም ቅጠል ስስ አድርጎ ይቀባዋል። ሳታማስሉ ከላይ ካፈሰሳችሁት ግን ላዩ ይርሳል፣ መሃሉ ደረቅ ይሆናል፣ እጃችሁም ሁለተኛ ማንኪያ ፍለጋ ይሄዳል።

ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረትም አልመክርም። በካሮትና በቲማቲም ውስጥ ያሉት ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ጨምሮ፣ በደንብ የሚመጠጡት ከስብ ጋር ነው። አቮካዶ ያለበት ከሆነ ግን እሱ ራሱ ስብ ስለሆነ በሎሚና በጨው ብቻ መብላት ይቻላል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ በርትቶ እንጀራ ሲከብደኝ የማዘው እንዲህ ነው፦ አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ።

ያንን ስፔሻል ሰላጣ ያለ ማዮኔዝ፣ በአንድ ማንኪያ ዘይት ደግሜ ስሠራው ከ1225 ወደ 795 ወረደ። እንቁላሉም፣ ቱናውም፣ ድንቹም፣ ዳቦውም ባሉበት። ክብደት መጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ይብላ፤ ለሱ አሪፍ ምሳ ነው።

ሶሱ ተቀላቅሎ ከመጣስ?

ይመጣል፤ በተለይ ቅዳሜ፣ ምግብ ቤቱ ሲጨናነቅ። ያኔ መልሱልኝ ብላችሁ አትጣሉ። የሳህኑን አንድ ጎን ከስሩ በታጠፈ ሶፍት ከፍ አድርጉትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃውና ዘይቱ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይወርዳል። ላዩ ላይ የሚያብረቀርቁ ክብ ክቦች ካያችሁ ዘይት ነው። ከከፍተኛው ጎን እያነሳችሁ ብሉ፣ የወረደውን እዚያው ተዉት። ማዮኔዝ ግን እንዲህ አይወርድም፣ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

እኔ እስካሁን ያቃተኝ ዳቦው ነው። የሳህኑን ስር በዳቦ መጥረግ እወዳለሁ፤ ያጠራቀምኩትን ዘይት ሁሉ መልሶ አፌ ውስጥ ያስገባዋል። አሁን ዳቦውን ቀድሜ፣ ሰላጣው ሳይመጣ፣ በሻይ እጨርሰዋለሁ። ጓደኛዬ በዚህም ይስቃል።